ከባህርይ ዝርዝር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ ሥራ ለበዛበት ገዢ ዕቃህን እንዴት ትነግረዋለህ?

አብዛኛው የዕቃ ማስታወቂያ ከካርቶኑ ላይ የተገለበጠ ዝርዝር ነው። ቴሌግራም ላይ የኢንቨርተር ሻጮችን ብታይ እንዲህ የሚል ታገኛለህ፦

- 1000 ዋት ኢንቨርተር፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ
- 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ
- በ10 ሚሊ ሰከንድ ወደ ባትሪ የሚዞር
- 6000 ዙር ቻርጅ የሚችል
- 20 አምፔር ቻርጀር አብሮት ያለው
- በስልክ መተግበሪያ የሚታይ
- የ2 ዓመት ዋስትና

ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ባለቤት ይህን ሲያነብ ምን ያደርጋል? በአንድ እጁ ማበጠሪያ ይዟል፣ ወንበሩ ላይ ደንበኛ ተቀምጧል፣ ሁለት ሰው ተራ ይጠብቃል። የመጀመሪያዋን መስመር አይቶ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። በጽሑፉ አልተናደደም። ለእሱ የተጻፈ ስላልመሰለው ብቻ ነው።

ይህን ዝርዝር ይዘን፣ ለዚህ ሰው የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እስክናወጣ ድረስ አብረን እንሥራው። የምትሸጠው ሌላ ነገር ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

1. አንድ ገዢ ምረጥ፤ አንድ ብቻ

ኢንቨርተርና ባትሪ ለቤት፣ ለካፌ፣ ለፋርማሲ፣ ለኢንተርኔት ቤት፣ ለፀጉር ቤት ይሸጣል። ለሁሉም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ልጻፍ ካልክ “አስተማማኝ የኃይል መፍትሔ” የሚል ነገር ላይ ነው የምታርፈው። እሱን ደግሞ ጎረቤትህ ያለው ሻጭም ጽፎታል።

እኛ የመረጥነው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ አራት ወንበር ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። “የወንዶች” ማለታችን በዘፈቀደ አይደለም። የሴቶች ውበት ሳሎን ፎንና ካስክ አለው። አንድ ፎን ብቻውን ከ1000 እስከ 2000 ዋት ይስባል። ይህ ኢንቨርተር ያንን አይችልም። ገዢህን ስትመርጥ ዕቃህ የማይሆንለትን ሰው አብረህ ታወጣለህ፤ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅም ትድናለህ።

2. እያንዳንዱን መስመር “ታዲያ ምን ይጠበስ?” በለው

ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጻፍና አጠገቡ ቦታ ተው። ከዚያ ራስህን ገዢው አድርገህ፣ ትንሽ በትዕቢት፣ በየመስመሩ “ታዲያ ምን ይጠበስ?” እያልክ ጠይቅ። መልሱን ጻፍ። መልሱንም እንደገና “ታዲያ ምን ይጠበስ?” በለው።

አንዷን እንሞክር።

*በ10 ሚሊ ሰከንድ ወደ ባትሪ ይዞራል።*
ታዲያ ምን ይጠበስ? መብራት ሲሄድ አምፖሉ የጠፋ አይመስልም፣ ገመድ ላይ ያለው ማሽንም አይቆምም።
ታዲያ ምን ይጠበስ? ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ተስተካክሎ ግማሹ ቀርቶ አይቀመጥም።
ታዲያ ምን ይጠበስ? ከፍሎ ይሄዳል፣ ቀጣዩም ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ቁም። አንድ ደረጃ ብትጨምር “ገቢህ ያድጋል”፣ ሌላ ብትጨምር “ሕይወትህ ይለወጣል” ይመጣል። እዚያ ስትደርስ ሳሙና የሚሸጠውም ኢንሹራንስ የሚሸጠውም የሚናገረውን እየተናገርክ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መልሱን በዓይንህ ልታየው ከቻልክ ጥሩ ቦታ ላይ ነህ። ግማሽ ጭንቅላት ይታያል። “ዕድገት” አይታይም።

የፒዩር ሳይን ዌቭም መልስ አለው። በገመድ የሚሠራ የድሮ ቶንዶስ በርካሽ ኢንቨርተር ላይ ሲሰካ ይጮሃል፣ ይግላል። በዚህኛው ላይ እንደ መብራት ኃይሉ ይሠራል። 6000 ዙሩ ደግሞ አደገኛ መስመር ነው። በየቀኑ አንድ ዙር ቢባል 16 ዓመት ይመጣል፤ ሻጮችም ይህን ይጽፉታል። ገዢው ግን 16 ዓመት የቆየ ኤሌክትሮኒክስ አይቶ አያውቅም፣ ስለዚህ አያምንም። ባያምን ደግሞ ትክክል ነው፤ ባትሪው ቢቆይ እንኳ ኢንቨርተሩ ቀድሞ ሊበላሽ ይችላል። “እንደ አሲድ ባትሪው ቶሎ ቶሎ አይቀየርም” ብትል ይበቃል።

መተግበሪያው ጋ ስትደርስ መልስ ካጣህ አትጨነቅ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ነው፤ መብራት መጥፋቱን ለማወቅ ስልክ አያስፈልገውም። ለፋርማሲ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መልስ ያጣ መስመር ለዚህ ገዢ አይሆንም ማለት ነው፣ ሰርዘው።

3. ሄደህ ጠይቅ፤ ግን ስለ ዕቃህ አትጠይቅ

እስካሁን የጻፍነው በሙሉ ግምት ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ያቆምና “መብራት ቢጠፋም ማሽንዎ አይቆምም!” ብሎ ይለጥፋል። ያምራል። ችግሩ እውነት ላይሆን መቻሉ ነው።

ወደ ሁለት ሦስት ፀጉር ቤት ጎራ በል፤ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቢሆን ይሻላል። “ኢንቨርተር ትፈልጋለህ?” አትበል። “እፈልጋለሁ” ወይም “አልፈልግም” ይልሃል፤ ሁለቱም አይጠቅሙህም። እንዲህ ጠይቅ፦ “ባለፈው መብራት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ?” ያለፈ፣ የተደረገ ነገር ነው የምትጠይቀው። ሰው ስለወደፊቱ ሲናገር ይግደረደራል፣ ስላለፈው ሲናገር ያማርራል። የምትፈልገው ምሬቱን ነው።

የሚመጣልህ ወሬ እንዲህ ያለ ነው፦

“ማሽኑስ ችግር የለውም፣ ቻርጅ የሚደረግ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል። ችግሩ ማታ ነው። መስታወቱ ሲጨልም እንዴት አድርጌ ፌድ እሠራለሁ? አንዱ ልጅ በስልክ ባትሪ ያበራልኛል። ከውጭ የሚያልፈው ደግሞ ጨለማ ሲያይ ዘግተናል ብሎ ያልፋል። ቅዳሜ ማታ ሲሆን ነው የሚያበግነው።”

ተመልከት፤ “ማሽንዎ አይቆምም” ያልነው ወደቀ። ማሽኑ ድሮም አይቆምም፣ የራሱ ባትሪ አለው። የሰውየው ሕመም ብርሃን ነው። ብርሃኑም ሁለት ቦታ ይጎድላል። አንደኛው መስታወቱ ፊት ነው፤ እዚያ ሲጨልም ሥራው ይበላሻል። ሁለተኛው በሩ ላይ ነው፤ እዚያ ሲጨልም መንገደኛው ያልፋል። ሰዓቱንም ነግሮሃል። ሰው ከሥራ ወጥቶ ፀጉሩን የሚስተካከለው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሰልፍ ነው።

በሄድክበት ሁሉ ማስታወሻ ያዝ፣ የተባለውንም በሰውየው ቃል ጻፍ። “የብርሃን እጥረት” ብለህ አታሳምረው። “ዘግተናል ብሎ ያልፋል” ነው ያለው። በኋላ የምትፈልገው ቃል እሱ ነው።

4. አሁን ያለውን መላ አስብ

ዓረፍተ ነገርህ የሚወዳደረው ከሌላ ኢንቨርተር ሻጭ ጋር ብቻ አይደለም። ሰውየው ዛሬ ችግሩን ከሚወጣበት መላ ጋር ነው። እዚህ ሁለት አሉ።

አንዱ ጀነሬተር ነው። ይጮሃል፣ በር ላይ ይጨሳል፣ ቤንዚን ይፈልጋል። እሱን ማሸነፍ አይከብድም። ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ነው። ዋጋው ካንተ ዕቃ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ይሸጠዋል። “መብራት ሲጠፋ ብርሃን ይኖርዎታል” ካልክ ሰውየው “አምፖል አለኝ” ይልሃል፤ ወሬው አለቀ።

ስለዚህ አምፖሉ የማያደርገውን ፈልግ። አንድ ሁለቱን ቦታ ያበራል እንጂ ቤቱን በሙሉ አያደምቅም። የመስታወቱን መብራት፣ የበሩን ማስታወቂያ፣ ቴሌቪዥኑን አያሠራም። ቤቱ በአምፖል ሲበራ ከውጭ “መብራት የጠፋበት ቤት” ይመስላል፤ ባንተ ዕቃ ሲበራ ግን መብራት የጠፋ አይመስልም። ጥቅምህ ያለው እዚህች ልዩነት ላይ ነው። ልዩነቱ ባይኖር ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው አምፖሉን ቢገዛ ይሻለው ነበር።

5. ቃል ከመግባትህ በፊት አስላ

“ለረጅም ሰዓት” የሚል ሻጭ ስላላሰላ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም።

የባትሪው ጉልበት 12.8 ቮልት ሲባዛ በ100 ነው፤ 1280 ዋት ሰዓት። ሙሉውን አታገኘውም። ባትሪው እንዳይጎዳ ከ90 በመቶ በላይ ባይጨርሱት ይመከራል፣ ኢንቨርተሩም በመቀየሪያው ላይ ወደ 10 በመቶ ያህል ያባክናል። 1280 ሲባዛ በ0.9፣ እንደገና ሲባዛ በ0.9፣ ወደ 1037 ይመጣል። በእጅህ ያለው ይህ ነው።

አሁን ማታ የሚበራውን ቁጠር። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል 54፣ የመስታወት መብራት 30፣ ቴሌቪዥን 60፣ ዋይፋይ 10፣ ቻርጅ ላይ ያሉ ማሽኖች 40፣ ኢንቨርተሩ ራሱ በርቶ ሲቆም የሚበላው 15። ድምሩ 209 ዋት ነው። 1037 ለ209 ሲካፈል 5 ሰዓት ይጠጋል።

አምስት ወጣልን ብለህ አምስት አትበል፤ አራት በል። ባትሪ ያረጃል፣ ሰውየው ማራገቢያ ይጨምራል፣ አንድ ቀን የውሃ ማሞቂያ ይሰካል። አራት ተብሎ አምስት ያገኘ ሰው ጎረቤቱን ያመጣልሃል። አምስት ተብሎ አራት ተኩል ያገኘው ግን ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣል።

አንድ ገደብም አለ። ባለ 20 አምፔሩ ቻርጀር ባዶ ባትሪ ለመሙላት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። መብራቱ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ጠፍቶ ከዋለ ባትሪው ለማታ አይደርስም፤ ቀን ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ካልቆጠበ በቀር። ይህን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አትጨምረውም። ግን ዓረፍተ ነገሩ ከዚህ ጋር መጣላት የለበትም። ለዚህ ነው “ቀኑን ሙሉ” የሚል ቃል የማንጠቀመው።

6. ጻፈው

አሁን ሦስት ነገር አለን፤ ሰዓቱ ማታ ነው፣ ሕመሙ ጨለማና የሚያልፍ ደንበኛ ነው፣ ልክህም አራት ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ሙከራ፦

*“በዘመናዊ የሊቲየም ቴክኖሎጂ የተሠራው፣ ጥራቱን የጠበቀውና ረጅም ዕድሜ ያለው ኢንቨርተራችን መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ለፀጉር ቤትዎ አስተማማኝ ብርሃን ይሰጣል።”*

የኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ፊት ለፊት ቅጽል በደረደርክ ቁጥር ገዢው “ታዲያ ምን ያደርጋል?” የሚለውን ሳይሰማ ይሄዳል። በዚያ ላይ ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ ከላይ ብቅ የሚለው መጀመሪያው ብቻ ነው። እዚህ ብቅ የሚለው “በዘመናዊ የሊቲየም ቴክኖሎጂ” ነው። “ዘመናዊ”ን፣ “ጥራቱን የጠበቀ”ን፣ “አስተማማኝ”ን አውጣቸው። የሱቅህን ስም በጎረቤትህ ስም ብትተካውም እውነት የሚመስል ቃል ሁሉ ይውጣ።

ሁለተኛ ሙከራ፦

*“መብራት ቢጠፋም ፀጉር ቤትዎ እስከ 4 ሰዓት ይሠራል።”*

አጭር ነው፣ ግን ወጥመድ አለበት። “እስከ 4 ሰዓት” ለአራት ሰዓት ያህል ነው ወይስ ማታ አራት ሰዓት እስኪሆን? አንዱ ሰው አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይረዳል። ቁጥር ከተጠቀምክ “4 ሰዓት ሙሉ” ወይም “እስከ ማታ 3 ሰዓት” ብለህ ለይ። ከቁጥሩ የሚሻል ነገር ካለ ደግሞ እሱን ተጠቀም። ፀጉር ቤቱ በ12 ሰዓት መብራት ቢጠፋበትና በ3 ቢዘጋ፣ ለሰውየው የሚያስፈልገው ቁጥር ሳይሆን “እስክዘጋ ይደርሳል ወይ?” የሚለው ነው።

ሦስተኛ፦

*“ማታ መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤትዎ አይጨልምም፤ እስከ መዝጊያ ሰዓት ደንበኛ ያስተናግዳሉ።”*

አሥራ አንድ ቃል ነው። የሚጀምረው ሰውየው በሚያውቃት ሰዓት ነው። “አይጨልምም” የሚለው ግሥ ቶሎ ይመጣል። ባትሪ፣ ዋት፣ ሊቲየም የሚል ቃል የለም። ሊፈተን የሚችል ቃልም ገብተናል፤ ከጨለመ ዋሽተናል ማለት ነው። እኔ በዚህ እቆማለሁ። “ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስ” የሚለውን መጨመር ያጓጓል፤ ጀነሬተር ላለው ሰው ስትጽፍ ጨምረው፣ ለሌላው ተወው።

በአፍ ስትነግረው ግን እንዲህ አትልም። ወጣት ከሆነ “ወንድሜ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ቤትህ አይጨልምም፤ እስክትዘጋ ትሠራለህ” ትለዋለህ። ጠና ያሉ ከሆኑ “ጋሼ” ብለህ በአክብሮት። ሐሳቡ አይቀየርም።

7. ፈትነው

እየሠራ ያለ ባለቤት ጋ ሂድ፣ ዓረፍተ ነገሩን አንዴ ብቻ ተናገርና ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ ሻጭ ሁሉ እዚህ ጋ ዝርዝሩን መዘርገፍ ይጀምራል።

“ጥሩ ነው፣ እደውልልሃለሁ” ካለህ አልገባውም ወይም አልነካውም። በትሕትና ሸኝቶሃል። “ስንት ነው?” ካለ ገብቶታል። “ቴሌቪዥኑንም ይችላል?” “ፎን ብሰካስ?” ካለ ደግሞ ዕቃውን በሐሳቡ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦታል ማለት ነው። “ምንድነው እሱ፣ ሶላር ነው?” ካለ ዓረፍተ ነገሩ ጥቅሙን ነግሮ ዕቃውን ደብቋል፤ ከሥሩ “ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባትሪና ኢንቨርተር” የምትል አጭር መስመር አክል።

ሌላም መንገድ አለ። ለረዳቱ ልጅ ንገረውና ባለቤቱ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚነግረው ስማ። “አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ማታ እንዳይጨልም የሚያደርግ ነገር አለ አለ” ካለ፣ ዓረፍተ ነገርህ ካንተ አፍ ወጥቶም ይሄዳል።

8. የቀረውን ዝርዝር የት እናድርገው?

አይጣልም። ዝርዝሩ ጥያቄ ሲመጣ መልስ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከዓረፍተ ነገሩ በታች ሦስት መስመር ይበቃል፤ ምን ምን እንደሚያሠራ (“6 አምፖል፣ የመስታወት መብራት፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ፦ 4 ሰዓት ሙሉ”)፣ ዋጋውና የ2 ዓመቱ ዋስትና፣ ከዚያም የማይችለው (“ፎን፣ ካስክና ውሃ ማሞቂያ አይሰካበትም”)። የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሻጭ ይፈራታል። እሷ ግን ከላይ ያለውን ቃል ታሳምናለች፤ የማይችለውን የሚናገር ሰው የሚችለውንም አልዋሸም ይባላልና። ዋጋውን “በውስጥ መስመር” ብለህ አትደብቅ። ሥራ የበዛበት ሰው ዋጋ ለመጠየቅ መልእክት ጽፎ መልስ አይጠብቅም።

ገዢው ሲቀየር ከደረጃ 2 እንደገና ትጀምራለህ። ያው ባትሪ ለፋርማሲ ሲሆን የፀጉር ቤቱ ዓረፍተ ነገር ምንም አይሠራም። እዚያ የሚያሳስበው ፍሪጅ ነው፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፣ ባለቤቷም ሌሊት ቤቷ ናት። ፍሪጁ እየቆመ እየተነሣ በአማካይ 50 ዋት ያህል ቢበላና የኢንቨርተሩን 15 ብንጨምር 65 ይሆናል፤ 1037 ለ65 ወደ 16 ሰዓት ይጠጋል። ሌላ ነገር ካልተሰካበት ሌሊቱን ያሻግራል። “ሌሊት መብራት ቢጠፋ የኢንሱሊኑ ፍሪጅ ሳይቆም ያድራል” ማለት ትችላለህ። ፀጉር ቤቱ ላይ የሰረዝነው የስልክ መተግበሪያም እዚህ ከሥር ይገባል፤ ከቤቷ ሆና ባትሪው ስንት እንደቀረው ታያለች። ከመሸጥህ በፊት ግን ፍሪጁን ሰክተህ አስነሣው። ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከሚበላው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ያንን ካልቻለ ፍሪጁ ላይነሣ ይችላል፣ ዓረፍተ ነገሩም አይጻፍም።